ሁለቱ ጣሳዎች የሚለያዩበት ጠርዝ

እ.ኤ.አ. ጁን 26 ቀን 1974 በአሜሪካ ኦሃዮ ግዛት፣ ትሮይ በምትባል ከተማ፣ ማርሽ በተባለ ሱፐርማርኬት ውስጥ አንዲት ገንዘብ ተቀባይ አንድ እሽግ ጁሲ ፍሩት ማስቲካ በማንበቢያው መስታወት ላይ አሳለፈች። መሣሪያው እሽጉ ላይ የታተሙትን ጥቋቁር መስመሮች አንብቦ ዋጋውን መዘገበ። ዛሬ በአሜሪካ ዕቃዎች ጀርባ የሚታየው ባለ 12 አኃዝ ባርኮድ በመደብር ሥራ የጀመረው በዚያች ማስቲካ ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ የሱቅ ዕቃ ማንነቱን የሚናገርበት ቁጥር ይዞ መዞር ጀመረ።

ቁጥሩ የሚነበበው ግን ዕቃው አንድ በአንድ እጅ ላይ ሲገባ ነው። መደርደሪያ ላይ ያለ ዕቃ ፊቱን ለገዢ፣ ባርኮዱን ለግድግዳው ወይም ለመደርደሪያው ወለል ሰጥቶ ነው የሚቆመው። ስለዚህ ሳይሸጥ ገና የቆመውን ዕቃ በተመለከተ ባርኮዱ ምንም አይናገርም። አምራቹ ሻምፖዬ ዛሬ በዚህ ሱቅ አለ ወይ፣ ስንት ፊት ይዟል፣ በዓይን ትክክል ነው ወይስ እግር ሥር ወርዷል፣ ብሎ ሲጠይቅ መልሱን የሚያመጣለት ወረቀት ይዞ ከሱቅ ሱቅ የሚዞር ቆጣሪ ነበር። ቆጣሪው ይደክማል፤ ሁለት ተመሳሳይ ሽታዎችን እንደ አንድ ይቆጥራል፤ ባለቀ ዕቃ ቦታ ጎረቤቱ ተስቦ ሲገባ ጉድለቱን ሳያይ ያልፋል። በአንድ ፎቶ ይህን ሥራ መጨረስ ይቻላል ወይ የሚለው ጥያቄ ለኮምፒውተር ተመራማሪዎች የቀረበው ከዚህ ችግር ነው።

ጥያቄው ሁለት ጥያቄዎችን ይዟል። አንደኛው፣ ይህ ዕቃ የት ጀምሮ የት ያበቃል? ሁለተኛው፣ ይህ ዕቃ የቱ ነው? ሰው ሁለቱን በአንድ እይታ ስለሚመልስ የተለያዩ መሆናቸውን እንኳ አያስተውልም። ተመራማሪዎቹም ለብዙ ዓመታት አንድ ላይ ሊመልሷቸው ሞክረዋል። እኔ እንደምረዳው የዚህ ሙያ ታሪክ ሁለቱን ጥያቄዎች ለመነጣጠል የፈጀው ጊዜ ታሪክ ነው።

በ1999 በካናዳ የብሪቲሽ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ መምህር ዴቪድ ሎው ሲፍት የተባለውን ዘዴ አቀረበ፤ በ2004 ደግሞ አሟልቶ አሳተመው። ዘዴው ፎቶውን እንዳለ አይመለከትም። ከውስጡ ጎልተው የሚወጡ ነጥቦችን ይመርጣል፤ የአንድ ፊደል ማዕዘን፣ የአንድ አርማ ጫፍ፣ የፍሬ ሥዕል ላይ ያለች ነጠብጣብ። እያንዳንዱን ነጥብ በዙሪያው ያለው ብርሃንና ጥላ ወዴት እንደሚያዘነብል በሚገልጹ 128 ቁጥሮች ይጽፈዋል። ቁጥሮቹ የሚሰሉት ካሜራው ቢቀርብም ቢርቅም፣ ዕቃው ቢጋደምም ብዙ እንዳይለወጡ ተደርገው ነው። እናም የአንድ ብስኩት ንጹሕ ፎቶ ካለህ፣ ነጥቦቹን በሱቁ ፎቶ ውስጥ ትፈልጋለህ፤ ሦስትና ከዚያ በላይ ነጥቦች በአንድ ቦታ፣ በአንድ መጠንና በአንድ ዘንበል ሲስማሙ ብስኩቱ እዚያ ሊኖር ይችላል ትላለህ።

ሎው የተሳሳተ ግጥጥሞሽን ለመጣል ቀላልና ብልህ ፈተና ሰጠ። ለአንዲት ነጥብ ከሁሉ የሚቀርባትን ነጥብ ፈልግ፤ ቀጥሎም ሁለተኛዋን ቅርብ። የአንደኛዋ ርቀት ከሁለተኛዋ ርቀት 80 በመቶ በላይ ከሆነ፣ ማለትም ሁለቱ እኩል ሊባሉ የሚቃረቡ ከሆኑ፣ ግጥጥሞሹ አጠራጣሪ ነውና ተወው። በእሱ ሙከራ ይህ ፈተና ከስህተቶቹ 90 በመቶውን ሲያስወግድ ከትክክለኞቹ ያጠፋው ከ5 በመቶ ያነሰ ነበር።

ይህ ፈተና ወደ ሱፐርማርኬት ሲገባ ያለ ጥፋቱ ጥፋተኛ ሆነ። መደርደሪያ ላይ አንድ ዓይነት ጣሳ ስድስት ጊዜ ተደርድሯል። የጣሳው ፎቶ ላይ ያለች አንዲት ነጥብ በሱቁ ፎቶ ውስጥ ስድስት መንታ ታገኛለች፤ አንደኛዋና ሁለተኛዋ በርቀት እኩል ናቸው፤ ፈተናውም ሁሉንም አጠራጣሪ ብሎ ይጥላቸዋል። ፍለጋውን ገልብጠህ ከሱቁ ፎቶ ወደ ምርቶቹ ማኅደር ብታደርገው ደግሞ ሌላ ችግር ይመጣል። የአንድ ኩባንያ የብርቱካንና የማንጎ ጭማቂ አንድ አርማ፣ አንድ የፊደል ቅርጽ፣ አንድ የማዕዘን ጌጥ አላቸው። አርማው ላይ ያሉት ብዙ ነጥቦች ለሁለቱም እኩል ይቀርባሉ፤ ልዩነቱን የሚሸከሙት ፍሬው ሥዕል ላይ ያሉት ጥቂት ነጥቦች ብቻ ናቸው። ሎው የአንድ ዕቃ ብዙ ፎቶዎች ሲኖሩ ሁለተኛዋ ቅርብ ነጥብ ከሌላ ዕቃ እንድትመረጥ አድርጎ የመጀመሪያውን ዓይነት ችግር በማኅደሩ በኩል ፈትቶት ነበር። የወንድማማች ምርቶቹ ችግር ግን ሳይነካ ቀረ።

በ2007 በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሳን ዲዬጎ ሚኬሌ መርለር፣ ካሮሊና ጋሌጊዮስና ሰርዥ ቤሎንጊ ግሮዚ-120 የተባለውን የፎቶ ስብስብ ይዘው ወጡ። ሐሳባቸው ማየት የተሳናቸው ሰዎች ያለ አጋዥ ገበያ እንዲገበዩ መርዳት ነበር። 120 የሱቅ ምርቶችን መረጡ። ለማስተማሪያ ከኢንተርኔት የተገኙ፣ ነጭ መደብ ላይ የተነሱ 676 ንጹሕ ሥዕሎችን ሰበሰቡ፤ ለመፈተኛ ደግሞ ሱቅ ውስጥ ከተቀረጸ ቪዲዮ 11,194 ቁርጥራጮችን አወጡ። በሁለቱ መካከል የነበረው ርቀት ሰፊ ነው። የኢንተርኔቱ ሥዕል ጥርት ያለ፣ ቀጥ ብሎ የቆመና ጥላ የሌለው ነው። የሱቁ ቁራጭ የደበዘዘ፣ መብራት ያንጸባረቀበት፣ ግማሹ በዋጋ ወረቀት የተሸፈነ ነው። በንጹሕ ፎቶ ተምሮ በሱቅ መፈተን የሚባለው ችግር መልክ ይዞ የቀረበው ያኔ ነው፤ እስከ ዛሬም ከሙያው ዋና ችግሮች አንዱ ነው። ምክንያቱም አምራቹ የሚሰጥህ ብዙ ጊዜ አንድ ንጹሕ ፎቶ ብቻ ነው። በየሱቁ ዞሮ የእያንዳንዱን ምርት መቶ ፎቶ የሚያነሳልህ የለም፤ ቢኖር እንኳ ሥራው ሳያልቅ የማሸጊያው ንድፍ ይቀየራል።

ለእኛ አገር ዕቃ ነገሩ በአንድ እጥፍ ይከብዳል። ብዙ እሽጎቻችን በአንድ ፊት አማርኛ፣ በሌላው እንግሊዝኛ ተጽፎባቸዋል፤ ባለሱቁ በየትኛውም ፊት ሊያቆማቸው ይችላል። ስለዚህ አንድ ምርት ቢያንስ ሁለት ማስተማሪያ ፎቶ ይፈልጋል። ይህን ያላሰበ ሰው አንዱን ፓስታ ሁለት ምርት አድርጎ ይቆጥራል፤ ወይም ዞሮ የቆመውን ጨርሶ አያገኘውም።

በ2014 በዙሪክ ከፍተኛ የቴክኖሎጂ ተቋም ማሪያን ጆርጅና ክርስቲያን ፍሎርከማየር ነገሩን ከ120 ምርት ወደ ሺዎች አሳደጉት። ስብስባቸው ለእያንዳንዱ ምርት አንድ ብቻ የሆነ 8,350 ንጹሕ ፎቶ፣ ለመፈተኛም ሱፐርማርኬት ውስጥ በስልክ የተነሱ 680 የመደርደሪያ ፎቶዎች ነበሩት። መንገዳቸው ሦስት ደረጃ ነበረው። መጀመሪያ ፎቶው ውስጥ ያለው የምርት ዓይነት ቡና ነው ወይስ ቸኮሌት የሚለውን በመገመት እጩዎቹን ያጠባሉ። ቀጥለው የቀሩትን እጩዎች ከፎቶው ጋር ፒክስል በፒክስል ያመሳስላሉ። በመጨረሻም አንዱን እጩ ብቻውን ከመዳኘት ይልቅ፣ መደርደሪያውን በጠቅላላ ከሁሉ በተሻለ የሚያብራራው የምርቶች ጥምረት የቱ ነው ብለው ይፈልጋሉ። ይህ የመጨረሻው ሐሳብ ትልቅ ቁም ነገር አለው፤ የአንዱ ምርት ማንነት በጎረቤቶቹ ማንነት ሊታገዝ እንደሚችል ይቀበላልና።

በ2017 በጣሊያን የቦሎኛ ዩኒቨርሲቲ አሌሲዮ ቶኒዮኒና ሉዊጂ ዲ ስቴፋኖ የጎረቤትን ነገር እስከ መጨረሻው ወሰዱት። ትልልቅ ሱቆች ፕላኖግራም የሚባል ካርታ አላቸው፤ በየትኛው መደርደሪያ፣ ከማን ቀጥሎ፣ ስንት ፊት ይዞ የቱ ምርት እንደሚቆም የሚደነግግ ሥዕል ነው። ሁለቱ ተመራማሪዎች ካርታውን ወደ መረብ ለወጡት። እያንዳንዱ ዕቃ ቋጠሮ፣ ከግራው፣ ከቀኙ፣ ከላዩና ከታቹ ካለው ጋር የሚያገናኘው ክር። ከፎቶው የተገኙትን ዕቃዎችም እንዲሁ መረብ አደረጓቸው፤ ከዚያም ሁለቱ መረቦች የሚጋሩትን ትልቁን ክፍል ፈለጉ። በቦታው የተገጣጠመው ይጸድቃል። ካርታው ላይ ኖሮ ፎቶው ላይ ያልተገኘ ዕቃ ቢኖር፣ የት መሆን እንደነበረበት ስለሚታወቅ፣ ኮምፒውተሩ ያንኑ ጠባብ ቦታ ዳግመኛ ይመረምራል። ከሺህ ምርት መካከል የቱ ነው የሚለው ጥያቄ እዚህ የምጠብቀው አለ ወይስ የለም ወደሚለው ቀላል ጥያቄ ይወርዳል። መደርደሪያው መጨናነቁ ለፈላጊው ረዳት ሆነ። ካርታ ለሌለው ሱቅ ግን ይህ ሁሉ አይሠራም፤ ካርታ የሌለው ሱቅ ደግሞ እጅግ ብዙ ነው።

በዚህ መካከል የኒዩራል ኔትዎርክ ዘመን ገብቷል። በ2012 የቶሮንቶ ተመራማሪዎች በፎቶ ልየታ ውድድር ሌሎቹን በሰፊ ርቀት ጥለው ካለፉ በኋላ፣ ፎቶ ውስጥ ያሉ ነገሮችን በአራት ማዕዘን ሳጥን ከበው ስማቸውን የሚናገሩ እንደ ዮሎና ሬቲናኔት ያሉ ሥርዓቶች ተከታትለው መጡ። እነዚህ የሠለጠኑት ግን በመንገድና በሳሎን ፎቶ ነው። በዚያ ዘመን መለኪያ በሆነው የኮኮ ስብስብ አንድ ፎቶ በአማካይ ስምንት የማይሞሉ ነገሮች ነበሩት፤ ወንበር፣ ውሻ፣ ሰው፣ ተራርቀው።

የቦሎኛዎቹ ቶኒዮኒና ዲ ስቴፋኖ ከባልደረባቸው ጋር በ2018 እንዲህ ያሉ ኔትዎርኮችን ወደ መደርደሪያው አምጥተው ሥራውን ለሁለት ከፈሉት። መጀመሪያ አንድ ኔትዎርክ ስም ሳይጠይቅ ዕቃ የሆነውን ሁሉ በሳጥን ይከባል። ቀጥሎ ሌላው ኔትዎርክ ከሳጥኑ ውስጥ ያለውን ቁራጭ ወደ ቁጥሮች ረድፍ ይለውጠዋል፤ ይህ ረድፍ ከማኅደሩ ንጹሕ ፎቶዎች ረድፎች ጋር ይነጻጸርና የሚቀርበው ይወሰዳል። የዚህ ክፍፍል ጥቅም ለሥራው ሰው ግልጽ ነው። አዲስ ምርት ገበያ ሲወጣ ኔትዎርኩን ዳግም ማሠልጠን አያስፈልግም፤ አንድ ፎቶ ማኅደሩ ላይ መጨመር ይበቃል። ሳጥን ከባዩ የምርቱን ስም ስለማያውቅ፣ አይቶት የማያውቀውንም እሽግ ዕቃ ነው ብሎ ይከባል። እኔ የዚህን ሙያ ትልቁን እርምጃ እዚህ አየዋለሁ፤ መቁጠር ከመሰየም ተለየ።

ክፍፍሉ ሌላም ነገር አመቻቸ። 1 ሜትር ከ20 ስፋት ያለውን መደርደሪያ 3,000 ፒክስል ስፋት ባለው ፎቶ ብታነሳው ለእያንዳንዱ ሚሊሜትር 2.5 ፒክስል ይደርሳል። 5 ሚሊሜትር ቁመት ያለው ጽሑፍ 12 ፒክስል ገደማ ያገኛል፤ ይነበባል። ኔትዎርኩ ፎቶውን ወደ 640 ፒክስል ቢያሳንሰው ግን ያው ጽሑፍ 3 ፒክስል እንኳ አይሞላም። ስለዚህ ሳጥን መክበቡ ባነሰው ፎቶ ላይ ይከናወናል፤ ስም ለመስጠት ግን ቁራጩ ከመጀመሪያው ትልቅ ፎቶ መቆረጥ አለበት። ይህን የዘነጋ ሥርዓት በአንድ ምልክት ይታወቃል፤ ኩባንያውን ሁልጊዜ ያገኛል፣ ሽታውንና ዓይነቱን ሁልጊዜ ያምታታል።

ሳጥን መክበቡስ በተጨናነቀ መደርደሪያ ላይ ምን ገጠመው? በ2019 ይህን በቁጥር ያሳዩት ከእስራኤሉ ባር ኢላን ዩኒቨርሲቲና የመደርደሪያ ፎቶ ትንተና ከሚሠራው ትራክስ ኩባንያ የተሰባሰቡት ኤራን ጎልድማን፣ ሮኢ ሄርዚግና ባልደረቦቻቸው ናቸው። ኤስኬዩ-110ኬ የተባለው ስብስባቸው 11,762 የመደርደሪያ ፎቶ ሲይዝ፣ በላያቸው ከ1.7 ሚሊዮን በላይ ሳጥኖች ተሥለዋል፤ በአንድ ፎቶ በአማካይ 147። ለሳጥኖቹ ሁሉ የተሰጠው ስም አንድ ብቻ ነው፤ ዕቃ።

ችግሩን በሁለት ጣሳዎች እንየው። እያንዳንዳቸው 60 ፒክስል ስፋትና 150 ፒክስል ቁመት አላቸው፤ ጎን ለጎን ተነካክተው ቆመዋል። ኔትዎርኩ ለሁለቱም ትክክለኛ ሳጥን ሰጠ፤ ሦስተኛ ሳጥን ግን የግራውን ጣሳ ቀኝ ግማሽና የቀኙን ጣሳ ግራ ግማሽ ይዞ መሃል ላይ ተደነቀረ። ተመሳሳይ ጣሳዎች ሲደረደሩ ሁለት ግማሾች ተገናኝተው አንድ ሙሉ ጣሳ ይመስላሉና ይህ ዘወትር ይከሰታል። የመሃሉ ሳጥን ከአንዱ ጣሳ ጋር የሚጋራው 30 በ150፣ ማለትም 4,500 ፒክስል ነው። ሁለቱ ሳጥኖች አንድ ላይ የሚሸፍኑት 9,000 ሲደመር 9,000 ሲቀነስ 4,500፣ ማለትም 13,500 ነው። የመደራረባቸው ልክ እንግዲህ አንድ ሦስተኛ፣ 0.33 ይሆናል።

ድግግሞሽን ለማጥፋት የተለመደው ደንብ ከሁሉ የሚተማመንበትን ሳጥን ያስቀራል፤ ከእሱ ጋር ከተወሰነ ልክ በላይ የተደራረቡትን ይጥላል። ልኩ 0.5 ከሆነ የመሃሉ ሐሰተኛ ሳጥን በ0.33 ያመልጣል፤ ሁለቱ ጣሳዎች ሦስት ይሆናሉ። ልኩን ወደ 0.3 ብታወርደው ሐሰተኛው ይወድቃል፤ ነገር ግን ተደጋግፈው ያዘነበሉ የቺፕስ ከረጢቶችም በእውነት በ0.33 ሊደራረቡ ይችላሉና አንዱ አብሮ ይጠፋል። ከዚህም የከፋ አለ። ኔትዎርኩ በመሃሉ ሳጥን ከሁሉ በላይ ቢተማመን፣ ሐሰተኛው ሁለቱን እውነተኞች ጥሎ ብቻውን ይቀራል። ለሐሰተኛው ሳጥንና ለእውነተኛው ከረጢት ቁጥሩ አንድ ነው፤ ስለዚህ የትኛውም ልክ ሁለቱን አይለያቸውም።

የጎልድማን ቡድን መልስ ኔትዎርኩን አንድ ተጨማሪ ጥያቄ ማስጠየቅ ነበር። እዚህ ዕቃ አለ ወይ ከሚለው ሌላ፣ ይህ ሳጥን የዕቃውን ትክክለኛ ወሰን ምን ያህል ይገጥማል ብሎ ራሱ እንዲገምት ሠለጠነ። መሃል ላይ የተደነቀረው ሳጥን ዕቃ መሆኑ ላይ ከፍተኛ ነጥብ፣ ወሰን ላይ ግን ዝቅተኛ ነጥብ ያገኛል። ቀጥሎ ሳጥኖቹን አንድ በአንድ ከመጣል ይልቅ ሁሉንም በወሰን ነጥባቸው ተመዝነው እንደተከመሩ ክምሮች ይወስዳቸዋል፤ የትኞቹ ክምሮች ተጠቃለው አንድ ዕቃ እንደሚሆኑም በስታትስቲክስ ይፈልጋል።

በሥራ ላይ ላለ ሰው ስህተቱን የሚያይበት ቀላል መንገድም አለ። በአንድ ረድፍ የተከበቡትን ሳጥኖች ስፋት ደምር። ዕቃዎቹ በእውነት ያልተደራረቡ ሆነው ድምሩ ከመደርደሪያው ስፋት በግልጽ ከበለጠ ሐሰተኛ ሳጥን አለ። ካነሰና በመካከል የአንድ ዕቃ ያህል ክፍተት ካለ ደግሞ ወይ ያልታየ ዕቃ አለ፣ ወይ ዕቃው በእውነት አልቋል፤ ያን ቁራጭ ቆርጦ በዓይን ማየት ይገባል።

በ2020 ጉግል ሉክአውት በተባለው፣ ማየት ለተሳናቸው በተዘጋጀው የስልክ መተግበሪያው ላይ የታሸጉ ምግቦችን የሚለይ ዘዴ ጨመረ። ኢንተርኔት ሳያስፈልግ በስልኩ ውስጥ የሁለት ሚሊዮን ታዋቂ ምርቶች ማውጫ ይይዝ ነበር፤ የእሽጉን መልክና በላዩ የተነበበውን ጽሑፍም አብሮ ይጠቀም ነበር። ጽሑፉ ሥዕሉ የማይችለውን ስለሚለይ ተገቢ ነው፤ ማንጎና ብርቱካን በቀለም ቢምታቱ በፊደል አይምታቱም።

ያልተዘጋው ጥያቄ የመጠን ነው። አንድ ንድፍ ያላቸው የ100 እና የ200 ሚሊሊትር ጠርሙሶች በይዘት እጥፍ ቢለያዩም፣ ቅርጻቸው አንድ ከሆነ በቁመት የሚለያዩት 26 በመቶ ገደማ ብቻ ነው፤ ትንሹ 12 ሴንቲሜትር ቢሆን ትልቁ 15 አካባቢ ነው። ስም ሰጪው ኔትዎርክ እያንዳንዱን ቁራጭ ወደ አንድ ወጥ መጠን ስለሚለውጠው ሁለቱ ፊቱ እኩል ሆነው ይቀርባሉ። ሎው ካሜራው ቢርቅም ቢቀርብም እንዳይለወጥ ብሎ የደከመበት በጎ ባሕርይ እዚህ ላይ እንቅፋት ነው። መፍትሔው ከቁራጩ ውጭ ወደ መደርደሪያው መመለስ ነው። ከላይ ባየነው ፎቶ ለአንድ ሚሊሜትር 2.5 ፒክስል ካለ ትንሹ ጠርሙስ 300፣ ትልቁ 378 ፒክስል ይቆማል። በዚያው ረድፍ ቁመቱ የሚታወቅ አንድ ሌላ ምርት ካለ ልኬቱ ከእሱ ይገኛል፤ ከሌለ ከሥሩ ያለው የዋጋ ወረቀት ይነበባል፤ እሱም ባለሱቁ በትክክለኛው ቦታ ከለጠፈው ነው። ከፊተኛው ረድፍ ኋላ ስንት ጠርሙስ እንደቆመ ግን ከፊት የተነሳ አንድ ፎቶ አያሳይም፤ በፎቶ የሚቆጠረው ፊት ነው፣ የመጋዘኑን ቀሪ የሚያውቀው አሁንም የባርኮዱ መዝገብ ነው።